ካሜራው ሌንሱን አላውቀውም ሲል፦ ኮንታክት ማጽዳትና አዳፕተር መፈተሽ

ስክሪኑ ላይ `Err 01` ሲመጣ አብዛኞቻችን ሌንሱን ነቅለን፣ በሸሚዝ ጫፍ ጠረግ አድርገን መልሰን እንገጥማለን። አንዳንዴ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ግን ትንሽ ቆይቶ ይመለስበታል። ያኔ «ሌንሱ ሞተ» ብለን ወይ በርካሽ እንሸጠዋለን፣ ወይ ሌላ ለመግዛት እንበደራለን። ከማጽዳታችሁም ከመክፈላችሁም በፊት ችግሩ የት እንዳለ ማወቅ አለባችሁ። ኮንታክቱ ላይ ነው? ሌንሱ ውስጥ ነው? ቦዲው ነው? ወይስ መሃል የገባው አዳፕተር? ይህን ለመለየት ትንሽ ትዕግሥትና ከጓደኛ የተዋሳችሁት አንድ ሌንስ ይበቃል።

ከአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ አካባቢ ለምንሠራ ሰዎች ይህ ስህተት እንግዳ አይደለም። ውስጥ ለውስጥ ያለው መንገድ ብዙ ቦታ አስፋልት አልለበሰም። በበጋ አንድ ሲኖትራክ ሲያልፍ አቧራው ድንኳኑ ድረስ ይገባል። ሰርጉ የሚበዛው ደግሞ በዚያው በጥር ነው። ሌንስ የምንቀይረው ሰው በሚጋፋበት፣ ዕጣን በሚጨስበት ቦታ ነው። ምሳ ከበላን በኋላ እጃችንን ብንታጠብም የወጡ ቅቤ ጣታችን ላይ ይቀራል። ጥምቀት ላይ ደግሞ ጸበሉ ሲረጭ ካሜራም አብሮ ይጠመቃል። አቧራ፣ ቅባትና ውኃ ኮንታክት ላይ ሲገናኙ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ ካሜራና ሌንስ የሚነጋገሩበት መስመር የሚቆራረጠው በዚያ ነው።

መልእክቱን በደንብ አንብቡት

ሁለት ዓይነት ችግር አለ፤ ሰው ብዙ ጊዜ ይደባልቃቸዋል።

የመጀመሪያው ካሜራው ሌንስ መኖሩን ጭራሽ ሳያውቅ ሲቀር ነው። ካኖን ላይ የአፐርቸር ቁጥሩ ቦታ `00` ይላል። ኒኮንና ሶኒ ላይ `F--` ይታያል። ሶኒ ሲብስበት `Cannot recognize lens. Attach it properly.` ብሎ ይጽፋል። ይህ ማለት በካሜራውና በሌንሱ መካከል ምንም ንግግር አልተጀመረም።

ሁለተኛው ካሜራው ሌንሱን ካወቀው በኋላ ንግግሩ መሃል ላይ ሲቋረጥ ነው። ቁጥሩ ይታያል፣ ፎከሱም ሊሠራ ይችላል፤ ስታነሱ ግን ካኖን `Err 01` ብሎ ይህን ይጽፋል፦

```
Communications between the camera and lens is faulty.
Clean the lens contacts.
```

እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ካሜራው «ኮንታክቱን አጽዱ» ያለው ኮንታክቱ ቆሽሾ ስላየ አይደለም፤ ማየት አይችልም። የሚያውቀው ለሌንሱ ትእዛዝ እንደላከና ተገቢውን መልስ እንዳላገኘ ብቻ ነው። ሌንሱ ውስጥ ሽቦ ቢበጠስም የሚጽፈው ያንኑ ነው። ስለዚህ መልእክቱን እንደ ጥቆማ ውሰዱት።

ኒኮን ላይ `fEE` ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ ብልሽት የለም። ሌንሳችሁ የአፐርቸር ቀለበት ያለው የቆየ ዓይነት ነው፤ ቀለበቱን ወደ ትልቁ ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ 22 ላይ፣ አዙሩና ቆልፉት። ይጠፋል።

አውጥታችሁ በሥርዓቱ መልሱ

ካሜራውን አጥፉ። ባትሪውን አውጡና ትንሽ ቆዩ። ሌንሱን ንቀሉ፤ ነጥቡን ከነጥብ፣ ወይም ነጩን አራት ማዕዘን ከነጩ ጋር አገናኝታችሁ «ቀጭ» እስኪል አዙሩት። ያ ድምፅ ካልመጣ ሌንሱ አልቆለፈም ማለት ነው፤ በግማሽ መንገድ የቆመ ሌንስ ኮንታክቶቹ ፊት ለፊት አይገናኙም።

ከዚያ የተሞላ ባትሪ አስገቡ። ሌንስ ውስጥ ያለው ሞተር የሚሠራው ከካሜራው በሚያገኘው ኃይል ነው፤ የደከመ ወይም ያበጠ አሮጌ ባትሪ ልክ የሌንስ ብልሽት የሚመስል ነገር ያመጣል። መብራት ሲጠፋ ውሎ ባትሪ በግማሽ ሞልታችሁ ከወጣችሁ ይህን ቅድሚያ ጠርጥሩ።

አሁን ካሜራውን ከፍታችሁ በግራ እጅ ሌንሱን ያዙና በጣም ቀስ ብላችሁ ግራና ቀኝ ሞክሩት። ጥቂት መላወስ የተለመደ ነው። ነገር ግን ስታነቃንቁት `00` የነበረው ወደ ቁጥር ከተለወጠ፣ ስትለቁት ደግሞ ተመልሶ `00` ካለ፣ ችግሩ መነካካቱ ላይ ነው። ወይ ኮንታክቱ ቆሽሿል፣ ወይ አንዱ ፒን ሰምጧል፣ ወይ የሌንሱ ማውንት ብሎን ላልቷል። ብሎን ከሆነ ቤት ባለ ተራ ካቻቪቴ አትነካኩት። የጃፓን ካሜራዎች ብሎን ጥርሱ ከተለመደው የመስቀል ካቻቪቴ ትንሽ ይለያል፤ ቶሎ ይላጫል። ከተላጨ ደግሞ መፍታቱ ሌላ ጣጣ ነው።

አቀያይራችሁ ሞክሩ

ከጽዳቱ በፊት ይህን አድርጉ። ጓደኛችሁ ጋ ተመሳሳይ ማውንት ያለው ካሜራና ሌንስ ካለ ሁለቱንም አቀያይሩ። የእናንተ ሌንስ በእሱ ካሜራም ስህተት ካሳየ ችግሩ ሌንሱ ነው። የእሱ ሌንስ በእናንተ ካሜራ ስህተት ካሳየ ወደ ቦዲው ፒኖች ተመልከቱ። ሁለቱም ለየብቻቸው ሠርተው የእናንተ ሌንስ በእናንተ ካሜራ ላይ ብቻ ከተበላሸ፣ ወይ መነካካቱ ለጥቂት ያልገጠመ ነው፣ ወይ ሁለቱ አይስማሙም። ከፊልም ዘመን የቀሩ አንዳንድ የሌላ ድርጅት ሌንሶች ካኖን ላይ ይገጥማሉ፤ በአሮጌው የፊልም ካሜራ ጥሩ ሠርተው በዲጂታሉ ላይ ግን ስህተት ያመጣሉ። እነሱን የቱንም ያህል ብታጸዱ ለውጥ የለም።

ኮንታክት ማጽዳት

መጀመሪያ ቦታው። ውጭ፣ ንፋስ ባለበት በረንዳ ላይ አይሁን። መስኮት ዝጉ፣ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከላዩ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ። እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ አድርቁ።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ፣ ንጹሕ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ፣ ብሎወር፣ የእንጨት ስቴኪኒ፣ የስልክ መብራት። አይሶፕሮፒሉን 90 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን ፈልጉ፤ ሞባይል ጠጋኞች ቦርድ የሚያጥቡበት እሱ ነው፤ አንድ ብልቃጥ ክዳን ያህል ብትለምኗቸው አይከለክሏችሁም። መድኃኒት ቤት የሚሸጠው 70 ከመቶ አልኮል ቀሪው ውኃ ነው። ሌላ ከጠፋ ይሠራል፤ እሱን ከተጠቀማችሁ ግን ባትሪ ሳታስገቡ ሩብ ሰዓት ያህል ይድረቅ።

የማይሆኑትን ልንገራችሁ፤ ሰው ሲጠቀምባቸው አይቻለሁና። ሳኒታይዘር ቆዳ እንዳያደርቅ ግሊሰሪን አለበት፤ ኮንታክቱ ላይ ሌላ ሽፋን ትቶ ይሄዳል። አሴቶን ኮንታክቶቹ የተቀመጡበትን ፕላስቲክ ያሟሟዋል። ቤንዚን ቅባት ይተዋል። አረቄ ውኃውም ሌላውም ስለሚበዛበት አይነካ። ሶፍት ደግሞ እየተቦጫጨቀ ብናኙን ካሜራው ውስጥ ይጥላል። ብርጭቆ ወረቀትና ቢላዋ ስሙንም አታንሱ፤ ኮንታክቶቹ ላይ ያለው ወርቅ በጣም ስስ ነው፤ አንዴ ከተፋቀ ከሥሩ ያለው ብረት ይዝጋል።

ከሌንሱ ጀምሩ። የኋላ ክዳኑን አውልቁና ኋላውን ወደ ራሳችሁ አድርጉት። የማውንቱ ቀለበት ውስጥ ጠፍጣፋ፣ ወርቃማ፣ በቅስት የተደረደሩ ትንንሽ ነጥቦች ታያላችሁ። የስልክ መብራቱን ከፊት ሳይሆን ከጎን አብሩባቸው። ንጹሕ ኮንታክት ወጥ ሆኖ ያንጸባርቃል። የቆሸሸው ላይ ደብዘዝ ያለ ጭጋግ ወይም የጣት አሻራ ይታያል። መሃሉ ላይ ቀጭን መስመር መኖሩ አያስደንግጣችሁ፤ የካሜራው ፒን ሲዞር የሄደበት መንገድ ነው። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጥብ ካያችሁ ግን ውኃ ገብቶ ዝገት ጀምሯል።

በብሎወር አቧራውን አራግፉ። በአፍ አትንፉ፤ ምራቅ ይገባል። የጥጡን ጫፍ አልኮል አስነኩትና ጨርቁ ላይ ጫን አድርጋችሁ ትርፉን አስወጡ። እርጥብ ይሁን እንጂ አይንጠባጠብ። የሌንሱን ኋላ ትንሽ ወደ መሬት ዘንበል አድርጉ፤ ጠብታ ቢኖር ወደ መስታወቱ እንዳይሄድ። ከዚያ በኮንታክቶቹ መስመር አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ጥረጉ። ጥጡን እዩት። ግራጫ ወይም ጥቁር ከሆነ ያንን ጥላችሁ በአዲስ ድገሙ። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ነው። መጨረሻ ላይ በደረቅ የመነጽር ጨርቅ ጥረጉና የቀረ የጥጥ ክር ካለ በብሎወር አስወግዱ።

ዝገት ያለበት ነጥብ በአልኮል ብቻ ካልሄደ፣ በነጭ ለስላሳ ላጲስ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብሎ ማሸት ይቻላል። ይህም የሌንሱ ላይ ብቻ፣ ያውም የሌንሱ ኋላ ቁልቁል እያየ፣ ፍርፋሪው መሬት እንዲወድቅ ሆኖ። ከዚያ በአልኮል መልሳችሁ አጽዱ። ካሜራው ላይ ላጲስ አይነካም፤ አንዲት ፍርፋሪ ሴንሰር ላይ ብታርፍ ከነበረው የባሰ ችግር ገዛችሁ።

አሁን ወደ ካሜራው። እዚህ ኮንታክቶቹ ጠፍጣፋ አይደሉም፤ ከሥራቸው ስፕሪንግ ያላቸው ትንንሽ ፒኖች ናቸው። ካሜራውን አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ያዙ፤ የምትሠሩት ከሥር ነው። መስታወት የሌለው ካሜራ ከሆነ ሴንሰሩ ፊት ለፊት ስለሚጋለጥ እጃችሁ ሁልጊዜ ከማውንቱ ጠርዝ አይለፍ። ጥጡ ለዚህኛው ይበልጥ የደረቀ ይሁን። ፒኖቹን ከጎን በመብራት አይታችሁ ቁመታቸውን አወዳድሩ። ሁሉም እኩል መውጣት አለባቸው። አንዱ አጠር ካለ ሰምጦ ቀርቷል።

እያንዳንዱን ፒን በስቴኪኒ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ገፋ አድርጉና ልቀቁት። ወዲያው ተመልሶ መውጣት አለበት። የሚዘገይ ካለ አቧራና ቅባት ይዞታል። አልኮል የነካ ጥጥ አስነኩትና በስቴኪኒ ደጋግማችሁ ገፋ ለቀቅ አድርጉት፤ ብዙውን ጊዜ ይፈታል። ጭራሽ ካልወጣ በወረንጦ አትጎትቱት። ከተጣመመ ወይም ከተሰበረ የፒኖቹ ክፍል ተነቅሎ መቀየር አለበት፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

አይሶፕሮፒሉ በጥቂት ደቂቃ ይተናል። ከዚያ ባትሪ አስገቡና ሞክሩ።

በክረምት፣ ወይም ሱሉልታና እንጦጦ ላይ ማለዳ ሠርታችሁ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ፣ ሌንሱን ወዲያው አትቀይሩ። ቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ይቋጠራል፤ ማውንቱም ላይ። ቦርሳው ሳይከፈት ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

ካጸዳችሁ በኋላም ከተመለሰ፦ የኤፍ 8 ፈተና

ከሁሉም ይልቅ ይህን ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል። መስታወት ባላቸው የካኖን ካሜራዎች ላይ በደንብ ይሠራል።

ሌንሱ ውስጥ ያለው አፐርቸር እናንተ እያያችሁ ሳለ ሁልጊዜ ሙሉ ክፍት ነው። ኤፍ 8 ብትመርጡም አይዘጋም፤ የሚዘጋው ቁልፉን ተጭናችሁ ፎቶው በሚነሳባት ቅጽበት ነው። የሌንሱን ትንሹን ቁጥር ከመረጣችሁ ግን፣ ለምሳሌ ኤፍ 4 ሌንስ ላይ ኤፍ 4፣ ምላጮቹ መንቀሳቀስ አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ ሌንሱ ውስጥ ወደ አፐርቸሩ የሚሄደው ፍሌክስ ኬብል ቢበጠስ፣ በኤፍ 4 ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል፤ በኤፍ 8 ግን `Err 01` ይመጣል። ኮንታክት የቆሸሸበት ሌንስ እንዲህ አይመርጥም፤ በየትኛውም ቁጥር፣ መጣ ሄደት እያለ ነው የሚያስቸግረው።

ፈተናው እንዲህ ነው። ካሜራውን `Av` ላይ አድርጉ። በትንሹ ቁጥር አምስት ፎቶ አንሱ። ከዚያ ኤፍ 8 አድርጋችሁ አምስት አንሱ። ዙም ከሆነ ይህንኑ በጣም ሰፊው ላይ፣ መሃሉ ላይና በጣም ረጅሙ ላይ ድገሙ። ዙም ሲዞር ኬብሉ አብሮ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ ስንጥቅ ያለበት ኬብል በአንዱ ቦታ ተነካክቶ በሌላው ይለያያል።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰርግ የሚያነሳ ልጅ ጋር ይህን አብረን አድርገናል። ደውሎ «ጋሼ፣ ሌንሱ ቀጥ አለ፤ ነገ ደግሞ መልስ አለብኝ» አለኝ። ካሜራው ካኖን ነው፤ ሌንሱ ለዓመታት የሠራ፣ ሁለተኛ እጅ የተገዛ 24-105 ኤፍ 4 ዙም ነው። ሰርጉ ሜዳ ላይ በተተከለ ድንኳን ስለነበር አቧራው ጥርጥር አልነበረውም። ጥጡ በእርግጥም ጥቁር ሆኖ ወጣ። ሁለት ፒን ደግሞ ሲገፉ ይዘገዩ ነበር፤ እነሱም ተፈቱ። ሌንሱ ሲነቃነቅ ይመጣ የነበረው `00` ጠፋ። እዚህ ላይ ጨረስን ማለት ይቻል ነበር።

የኤፍ 8 ፈተናውን ስናደርግ ግን ሌላ ነገር ወጣ። በኤፍ 4፣ ከ24 እስከ 105 ድረስ፣ አንድም ስህተት የለም። በኤፍ 8፣ 105 ላይ ደህና። 50 አካባቢ አንዴ ያነሳል አንዴ ይቆማል። 24 ላይ ደግሞ ሁሌም `Err 01`። ከማውንቱ አጠገብ ያለውን የጥልቀት ማያ ቁልፍ ተጭነን ከፊት በመስታወቱ በኩል ስናይ፣ 105 ላይ ምላጮቹ ሲዘጉ ይታያሉ፤ 24 ላይ ምንም አይንቀሳቀስም። ካሜራው ላይ የተገጠመው የእሱ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ደግሞ በሁሉም ቁጥር ሠራ። ስለዚህ ቦዲው ንጹሕ ነው። ሌንሱ ላይ ሁለት ችግር ተደራርቦ ነበር፦ የቆሸሸ ኮንታክትና በመታጠፍ ብዛት የተጎዳ የአፐርቸር ኬብል። የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ የተወ ሰው በማግስቱ መልሱ ላይ ጉድ ይሆናል።

ኬብሉን ቤት ውስጥ አትቀይሩ። ሌንሱ እስከ መሃሉ መፈታት አለበት፤ መልሶ ሲገጠም የመስታወቶቹ አቀማመጥ በጥቂቱ ቢዛነፍ አንዱ ጎን ብዥ ብሎ ይቀራል። ባለሙያ ጋ ስትወስዱት «`Err 01` ይላል» ብቻ አትበሉ። «በኤፍ 4 ይሠራል፣ በኤፍ 8 ሰፊው ላይ ይቆማል፣ ረጅሙ ላይ ይሠራል፣ ኮንታክቱ ጸድቷል፣ ሌላ ሌንስ በዚሁ ካሜራ ላይ ደህና ነው» በሉት። ምኑን እንደሚከፍት ያውቃል። እናንተም ያልተበላሸ ነገር ተቀየረ ተብሎ አይነገራችሁም።

ልጁ በማግስቱ ሥራ አልቀረም። ሌንሱን ኤፍ 4 ላይ አስቀምጦ ዋለ። ጠራራ ፀሐይ ላይ በኢሶ 100 በኤፍ 4 የሚያስፈልገው የሹተር ፍጥነት 1/1600 አካባቢ ነው፤ ያንን ካሜራው በቀላሉ ይችለዋል። ቪዲዮ ግን ሌላ ነው። ሹተሩን 1/50 ላይ ለማቆየት ብርሃኑን በአምስት ደረጃ መቀነስ ያስፈልጋል፤ ያ ማለት 32 እጥፍ የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ነው። ከሌለ ጥላ ፈልጉ።

መሃል አዳፕተር ካለ

አሁን ብዙ ሰው ከአሮጌው ካኖን ወደ ሶኒ ወይም ወደ ካኖን አር እየተሻገረ ነው። ሌንሶቹን ግን አይሸጥም፤ በአዳፕተር ይጠቀማል። በአዳፕተር ሲሆን ከሁለት የነበረው የኮንታክት ፊት አራት ይሆናል፦ የካሜራው፣ የአዳፕተሩ የፊትና የኋላ፣ የሌንሱ። ስለዚህ የጽዳቱ ሥራ አራቱንም ይመለከታል። የአዳፕተሩ የሌንስ በኩል ላይ ያሉት ስፕሪንግ ያላቸው ፒኖች ናቸው፤ እነሱንም በስቴኪኒ ገፋ ለቀቅ አድርጉ።

ከዚያ በፊት ግን አዳፕተሩን አውጥታችሁ ሁለቱንም ጎኑን እዩ። ወርቃማ ኮንታክት ከሌለው ባዶ ቀለበት ነው። በእሱ ላይ `F--` ወይም `00` መታየቱ ብልሽት አይደለም፤ ካሜራው ሌንሱን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለ ነው። ካሜራው አላነሳም ካለ ሶኒ ላይ ሜኑ ገብታችሁ `Release w/o Lens` የሚለውን `Enable` አድርጉ። ካኖን አር ላይ `Release shutter w/o lens` የሚለውን `ON` አድርጉ። በቃ፣ ያነሳል።

ነገር ግን ባዶ ቀለበት ከየትኛው ሌንስ ጋር እንደሚሆን አስቡ። የአፐርቸር ቀለበት ያለው የቆየ ሌንስ ከሆነ ሁሉንም በእጅ ታዞራላችሁ፤ ጥሩ ነው። የካኖን ኢኤፍ ሌንስ ግን የአፐርቸር ቀለበት የለውም፤ በባዶ ቀለበት ላይ ሙሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ኤስቲኤም የሚል ከሆነ ደግሞ ይብሳል። የ50 ሚሊ ሜትር ኤስቲኤም ፎከስ ቀለበት በቀጥታ መስታወቱን አያንቀሳቅስም፤ ለሞተሩ ትእዛዝ ይልካል። ኤሌክትሪክ ከሌለ ቀለበቱ ቢሽከረከርም ፎከሱ ንቅንቅ አይልም። ሰው ይህን አይቶ ሌንሱ ተበላሸ ይላል። ሌንሱ ምንም አልሆነም፤ ኃይል የሚያደርስለት አዳፕተር ነው ያጣው።

የኒኮን አዳፕተርም የራሱ ጠባይ አለው። የኒኮኑ ኤፍቲዜድ ራሳቸው ሞተር ያላቸውን ኤኤፍ-ኤስና ኤኤፍ-ፒ ሌንሶች አውቶ ፎከስ ያሠራል። በካሜራው ቦዲ ሞተር የሚሽከረከሩትን የቆዩ ኤኤፍ-ዲ ሌንሶች ግን አያሠራም፤ እነሱን በእጅ ነው ፎከስ የምታደርጉት። ይህንንም ብልሽት አትበሉት።

ኮንታክት ያለው አዳፕተር ሆኖ ካልታወቀ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። ካሜራውን አጥፉ። መጀመሪያ ሌንሱን አዳፕተሩ ላይ ግጠሙ፣ «ቀጭ» ይበል። ከዚያ አንድ ላይ ካሜራው ላይ ግጠሙ፣ ሁለተኛው «ቀጭ» ይሰማ። አሁን ክፈቱ። የሌንሱ የጎን ማብሪያ `AF` ላይ መሆኑን እዩ። አልሠራ ካለ ሌላ ሌንስ በዚሁ አዳፕተር ላይ ሞክሩ። አንዱ ሠርቶ ሌላው ካልሠራ ችግሩ አለመጣጣም ነው፤ የሌላ ድርጅት አዳፕተሮች የሌንሱን ቋንቋ በግምት ተርጉመው ስለሚያስተላልፉ የተወሰኑ ሌንሶችን ያውቃሉ፣ የተወሰኑትን አያውቁም። አዳፕተሩ ጎን ላይ ትንሽ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለ ሶፍትዌሩ ሊታደስ ይችላል ማለት ነው፤ ከሠሪው ድረ ገጽ አውርዳችሁ በኮምፒውተር አድሱት። የካሜራው ሶፍትዌር ከታደሰ ወዲህ የጀመረ ችግር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው።

አዳፕተር ከመግዛታችሁ በፊት

የትኛው ሌንስ ወደ የትኛው ካሜራ ይሄዳል የሚለውን አንድ ቁጥር ይወስነዋል፦ ከማውንቱ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት። የኒኮን ኤፍ 46.5 ሚሊ ሜትር ነው። የካኖን ኢኤፍ 44፣ የካኖን አር 20፣ የሶኒ ኢ 18፣ የኒኮን ዜድ 16 ነው። ሌንሱ የተሠራለት ርቀት ከካሜራው ርቀት መብለጥ አለበት፤ አዳፕተሩ ልዩነቱን ይሞላል። ካኖን ኢኤፍን ወደ ሶኒ ብታመጡ 44 ሲቀነስ 18፣ 26 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አዳፕተር ነው። በተቃራኒው የካኖን ኢኤፍን ሌንስ በኒኮን ዲኤስኤልአር ላይ ልጠቀም ብትሉ 44 ከ46.5 ያንሳል፤ ውስጡ የሌንስ መስታወት የሌለው አዳፕተር ሩቅ ያለውን ነገር ጥርት አድርጎ አያሳይም። የካኖን አር ሌንስ ደግሞ በአሮጌው የካኖን ካሜራ ላይ በምንም አይሄድም። «ይሄዳል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ይህን ሒሳብ ሥሩለት።

ሱቅ ውስጥ ስትሞክሩ የራሳችሁን ካሜራና ሌንስ ይዛችሁ ሂዱ። የአፐርቸር ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ መምጣቱን፣ በኤፍ 8 ማንሳቱን፣ ፎከሱ ቅርብና ሩቅ መያዙን እዩ። ከዚያ በር ላይ ወጥታችሁ በጣም ሩቅ ያለ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ የሞባይል ታወር ወይም የተራራ ጫፍ ላይ፣ በትንሹ ቁጥር ፎከስ አድርጋችሁ አንሱና አጉልታችሁ ተመልከቱ። አዳፕተሩ ከልኩ ከወፈረ ሩቁ ነገር ፈጽሞ ጥርት አይልም። ሌንሱ ከተገጠመ በኋላ አዳፕተሩና ካሜራው መካከል ክፍተት ካለ፣ ወይም በእጅ ሲነካ የሚላወስ ከሆነ፣ ዛሬ ቢያነሳም ሰርግ መሃል `F--` የሚያመጣው እሱ ነው፤ ሌላ ቀይሩ።